በአሥር ዶላር መግቢያ ውስጥ ያለው አንድ ዶላር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ወላጆችና ወጣቶች፤

ዛሬ የምናገረው እዚህ አሜሪካ በገንዘብ ስለሚካሄዱት የፋንታሲ ስፖርት ውድድሮች ነው። ብዙዎቻችሁ ያለ ክፍያ የሚገባበትን የፕሪሚየር ሊግ ፋንታሲ ታውቁታላችሁ። እንደ ድራፍትኪንግስና ፋንዱኤል ባሉ መተግበሪያዎች የሚካሄደው የዕለት ውድድር ግን መግቢያ ይከፈልበታል፤ ተወዳዳሪው መተግበሪያው ለእያንዳንዱ ስፖርተኛ በሰጠው ምናባዊ ደመወዝ፣ ከተወሰነ የደመወዝ ጣሪያ ሳያልፍ ስፖርተኞችን መርጦ ቡድን ያዋቅራል፤ ስፖርተኞቹ በእውነተኛው ጨዋታ በሚያሳዩት ብቃትም ነጥብ ያገኛል፤ ውጤቱም ብዙውን ጊዜ በዚያው ዕለት ይታወቃል።

የገንዘቡን መንገድ ለማየት ግማሹ ሰው የሚያሸንፍበትን ውድድር እንውሰድ። 100 ሰዎች 10 ዶላር ሲከፍሉ 1,000 ዶላር ይሰበሰባል። ከላይ ያሉት 50ዎቹ እያንዳንዳቸው 18 ዶላር ሲወስዱ 900 ዶላር ይወጣል፤ ቀሪው 100 ዶላር የድርጅቱ ነው። በእቁባችን የተሰበሰበው ሁሉ ለባለ ዕጣው ይደርሳል፤ እዚህ ግን በየዙሩ ከመካከላችን ይቀነሳል። የድርጅቱ ድርሻ እንደ ውድድሩ ዓይነት ቢለያይም፣ ከመቶ አሥር አካባቢ መሆኑ የተለመደ ነው።

ስለዚህ ግማሹን ጊዜ ማሸነፍ አያዋጣም። ከ100 ውድድሮች 50 ያሸነፈ ሰው 1,000 ዶላር ከፍሎ 900 ያገኛል፤ ላለመክሰር ቢያንስ 56 ማሸነፍ አለበት።

ችሎታ ለውጥ ያመጣል? አዎን፣ ያመጣል። የኒውዮርክ ከፍተኛው ፍርድ ቤትም በ2022 ውድድሮቹ በሕገ መንግሥቱ የተከለከለ ቁማር አይደሉም ሲል የተመረኮዘው በችሎታ ላይ ነው። ነገር ግን ችሎታ የሚለካው ከተቃራኒው አንጻር ነው፤ ማኪንዚ የተባለው አማካሪ ድርጅት የ2015ን የቤዝቦል ወቅት የመጀመሪያ አጋማሽ ሲመረምር፣ ከተወዳዳሪዎቹ ትርፍ 91 በመቶው 1.3 በመቶ በሚሆኑት ሰዎች እጅ እንደገባ አግኝቷል። አዲስ ገቢ የሚሰለፈው ስሌቱን ሥራዬ ብለው ከያዙ ሰዎች ጋር ነው።

ጎበዙም ቢሆን ከአደጋው ነፃ አይደለም። በአማካይ ከ100 ውድድሮች 58 የማሸነፍ ብቃት ያለው ሰው ከ1,000 ዶላር ላይ 44 ዶላር ገደማ ማትረፍ ይጠበቅበታል፤ ሆኖም ውድድሮቹ እርስ በርስ ባይያያዙ እንኳ፣ በዕድል መዋዠቅ ብቻ 100ውን ውድድር በኪሳራ የመጨረስ ዕድሉ ከአሥር ሦስት ያህል ነው። ያንኑ ቡድን በአንድ ምሽት በሃያ ውድድር ካስገባ ደግሞ፣ የአንድ ስፖርተኛ ጉዳት ሃያውንም በአንድ ጊዜ ሊጥላቸው ይችላል፤ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው፣ ምክንያቱም ሰውየው ገንዘቡን የበተነ ይመስለዋል።

ልጆቻችሁ እየተወዳደሩ ከሆነ የሂሳብ ታሪካቸውን አብራችሁ ክፈቱ። «18 ዶላር አሸንፈሃል» የሚለው መልእክት የከፈሉትን 10 ዶላር አይቀንስም፤ የመግቢያውን ድምር ከተከፈላቸው ድምር ጋር አስተያዩ፤ ይህንንም በጥቂት ምሽቶች ሳይሆን በመቶዎች በሚቆጠሩ ውድድሮች ላይ አድርጉት።