አትርፎ ገንዘብ ያጠረው ነጋዴ

የተከበራችሁ ነጋዴዎችና የሂሳብ ባለሙያዎች፣ እንደምን ዋላችሁ።

«መዝገቡ አትርፈሃል ይለኛል፤ ታዲያ ገንዘቡ የት ገባ?» ይህን ጥያቄ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። የሚጠይቁኝም ብዙ ጊዜ ሽያጫቸው ያደገላቸው ናቸው። መልሱን በአንድ ጅምላ ነጋዴ ሂሳብ ላሳያችሁ፤ ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲቀሉ አድርጌያቸዋለሁ።

ነጋዴው 10 ሺህ የወጣበትን ዕቃ በየቀኑ በ12 ሺህ ይሸጣል። መጋዘኑ ውስጥ የ600 ሺህ ዕቃ አለ፤ በ10 ሺህ ሲካፈል የ60 ቀን ክምችት ነው። ደንበኞች ዘንድ 540 ሺህ ዱቤ አለው። ይህንን የምናካፍለው በ12 ሺህ ነው፤ ዱቤ የሚመዘገበው በመሸጫ ዋጋ ነውና። 45 ቀን ይሆናል። እሱ ደግሞ ለአቅራቢው የሚከፍለው በ30 ቀን ነው፤ ያልተከፈለ 300 ሺህ አለበት። 60 እና 45 ተደምሮ 30 ሲቀነስ 75 ቀን ይቀራል፤ ይህ የገንዘቡ ዑደት ነው። ለአቅራቢው የከፈለው ገንዘብ ተመልሶ እጁ የሚገባው ከ75 ቀን በኋላ ነው። እስከዚያው 840 ሺህ በዕቃና በዱቤ ታስሮ ይቆያል።

አሁን ገበያው ደራለትና በሦስት ወር ውስጥ ሽያጩ በግማሽ አደገ እንበል። ቀኖቹ ካልተለወጡ የሚታሰረው ገንዘብ 1 ሚሊዮን 260 ሺህ ይደርሳል። ተጨማሪው 420 ሺህ ነው። ሰውየው ወጪውን ሁሉ ችሎ በቀን 1 ሺህ ተኩል ቢተርፈው እንኳ የሦስት ወር ትርፉ 135 ሺህ ነው። 285 ሺህ ይጎድለዋል። ዕቃው እየተሸጠ፣ ትርፉም እውነተኛ ሆኖ፣ የሠራተኛ ደመወዝ የሚከፍለው ያጣል።

ብድር ከመጠየቁ በፊት ዱቤውን ቢያይ እመርጣለሁ። የ45 ቀኑን አማካይ አትመኑት። የዱቤ ዝርዝሩን በዕድሜ ለዩት፦ እስከ 30 ቀን፣ እስከ 60፣ ከዚያ በላይ። ብዙውን ጊዜ አብዛኛው ደንበኛ በሰዓቱ ይከፍላል፤ አማካዩን የሚጎትቱት ሁለት ሦስት ትልልቅ ደንበኞች ናቸው። እነሱን አነጋግሮ አማካዩን ወደ 35 ቀን ቢያወርድ፣ በአዲሱ የ18 ሺህ ዕለታዊ ሽያጭ 180 ሺህ እጁ ይገባል። መጋዘኑም እንዲሁ ነው፤ ፊት ለፊት ያለው ካርቶን በየሳምንቱ ሲለወጥ፣ ከኋላ አቧራ የለበሰውን ማንም አይቆጥረውም።

አንድ ነገር በጣም ያሳስበኛል። ዑደቱ ከ75 ወደ 60 ቀን ወርዶ ስታዩ፣ ከመደሰታችሁ በፊት የትኛው ቁጥር እንደተለወጠ እዩ። ዕቃውና ዱቤው ባሉበት ሆነው የአቅራቢው 30 ቀን 45 ከሆነ፣ ያጠረው ዑደት በውል ቀኑ ያልተከፈለ ዕዳ ነው። አቅራቢው ታግሶ ታግሶ ለቀጣዩ ጭነት ቅድሚያ ክፍያ የጠየቀ ዕለት ያ 45 ቀን ዜሮ ይሆናል። ነጋዴያችን አሁን በቀን የ15 ሺህ ዕቃ ያወጣል፤ ስለዚህ የቆየውን ዕዳ ለመዝጋትና አዲሱን ጭነት በእጁ ገንዘብ ለመግዛት 675 ሺህ ማግኘት አለበት።