ከቦታው የቀደመ መታጠፊያ

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ስሕተቴ ነው። ባለፈው ክረምት የእንግሊዛዊውን ባለቅኔ የጆን ሚልተንን አንድ ሶኔት ወደ አማርኛ ለመመለስ ተቀምጬ ነበር። ሚልተን እ.ኤ.አ. በ1652 ገደማ፣ ገና በአርባዎቹ መጀመሪያ ላይ ሳለ፣ ዐይኖቹ ፈጽመው ጠፉ። ግጥሙ የዚያ ሰው አቤቱታ ነው፦ ብርሃኑን ከነሣኝ በኋላ እግዚአብሔር የቀን ሥራ ይጠይቀኛልን?

ሶኔት ዐሥራ አራት ስንኝ ነው። ሚልተን የመረጠው የጣሊያኖቹን ስልት ሲሆን፣ በዚያ ስልት ስምንቱ ስንኞች ጉዳዩን ያነሣሉ፣ ስድስቱ ይመልሳሉ። በመካከል ሐሳቡ የሚዞርበትን ቦታ ጣሊያኖች ቮልታ ይሉታል። እንደ ልማዱ መታጠፊያው የሚውለው ዘጠነኛው ስንኝ መግቢያ ላይ ነው። እኔም ልማዱን አምኜ ከስምንተኛው ስንኝ ቀጥሎ አንድ መስመር ባዶ ተውሁ። ግጥሙን ያበላሸሁት እዚያ ላይ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ስምንት ስንኞች የሚመቱት ሁለት ቤት ብቻ ነው። "ስፔንት፣ ዋይድ፣ ሃይድ፣ ቤንት" ይልና እንደገና "ፕሪዜንት፣ ቻይድ፣ ዲናይድ፣ ፕሪቬንት" ይላል። አንደኛው ድምፅ ሌላውን ከግራና ከቀኝ አቅፎ ይይዘዋል። ጮክ ብላችሁ ብታነቡት፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ ግድግዳ እየዳሰሰ ወደ ተነሣበት የሚመለስ ሰው ትሰማላችሁ። ዐረፍተ ነገሩም እንደዚያው አይለቅም። "ሳስብ" ብሎ ይጀምርና "እጠይቃለሁ" የሚለውን ዋና ግሥ እስከ ስምንተኛው ስንኝ ያቆየዋል። እንግሊዝኛ አንባቢውን ትንፋሽ ያሳጥረዋል፤ ግሥን መጨረሻ ላይ መጠበቅ ለለመድን ለእኛ ግን ቤታችን ነው። መሐል ላይ የተቀበረው መክሊትም አለ። የእንግሊዝኛው ቃል የወንጌሉን ገንዘብም የሰውን ተሰጥኦም እንደሚይዝ የእኛም መክሊት ሁለቱን ይይዛል። ተርጓሚ እንዲህ ያለ ዕድል በየቀኑ አያገኝም።

አሁን ስምንተኛውን ስንኝ ተመልከቱ። ግማሹ "በሞኝነት እጠይቃለሁ" ይላል፤ ነጥብ። (መጀመሪያ "በፍቅር" ብዬው ነበር፤ "ፎንድሊ" የሚለው ቃል በዚያ ዘመን በሞኝነት ማለት መሆኑን ያየሁት ዘግይቼ ነው።) የቀረው ግማሽ "ነገር ግን ትዕግሥት" ብሎ ይነሣል። ትዕግሥት ያንን ማጉረምረም ልትቀድመው መልስ ትሰጣለች። በአማርኛ የሴት ስም ስለሆነ እንደ ሴት ገባችልኝ፤ አልከለከልኋትም።

እንግዲህ መታጠፊያው ግማሽ ስንኝ ቀድሞ መጣ ማለት ነው። የስንኙ የመጨረሻ ቃል "ፕሪቬንት" ነው፤ በድሮው እንግሊዝኛ መከልከል ብቻ ሳይሆን ቀድሞ መድረስም ማለት ነው። ቃሉ የሚለውን ስንኙ ያደርገዋል፤ መልሱ ከቦታው ቀድሞ ይደርሳል። ከዚህም በላይ የሚገርመኝ ቤቱ ነው። ትዕግሥት አዲስ ድምፅ ይዛ አልመጣችም፤ የአቤቱታውን የመጨረሻ ቤት የምትዘጋው እርሷ ናት። ሐሳቡ ዞሯል፣ ድምፁ ግን ገና አልዞረም። እኔ የተውሁት ባዶ መስመር ይህንን ቆርጦ ጣለው።

አዲሱ ቤት የሚሰማው ከዘጠነኛው ስንኝ ጀምሮ ነው፤ ሦስት ድምፆች በተራ መጥተው በዚያው ተራ ይመለሳሉ። "ኒድ"፣ ማለትም መሻት፣ ከ"ስፒድ"፣ ከመሮጥ ጋር ይገጥማል። እግዚአብሔር የሰው ሥራ አያሻውም ከተባለ በኋላ ሺህዎች በትእዛዙ ይሮጣሉ፤ በእኔ ንባብ ቤቱ ራሱ ሩጫውን ከማያስፈልግ ነገር ጋር ያስረዋል። በመካከሉ በተሻለ ሁኔታ የሚያገለግሉት ልዝብ ቀንበሩን የሚሸከሙት ናቸው ይላል። ከዚያ "ስቴይት"፣ የንጉሥ ግርማ፣ የመጨረሻውን ቃል ሦስት ስንኝ ሙሉ ይጠብቃል። የሚመጣው "ዌይት" ነው፤ ቆሞ መጠበቅ። ከግርማው ጋር የገጠመው የሯጮቹ ድካም ሳይሆን የቆሙት ሰዎች ጥበቃ ነው። ከዚያ በፊት የስድስቱ ስንኞች ዐረፍተ ነገሮች በአብዛኛው አንዱን ስንኝ አልፈው ሌላው መሐል ላይ ሲቆሙ፣ የመጨረሻው ሐሳብ ግን አንድ ስንኝ ሞልቶ በሰላም ያርፋል።

ባዶውን መስመር አጥፍቻለሁ። የመጨረሻው ስንኝ ግን አሁንም አልለቀቀኝም። በአማርኛ እንደ ወጉ ብጽፈው "ቆመው የሚጠብቁትም ያገለግላሉ" ይሆንና መጨረሻው ላይ ማገልገል ይቀመጣል፤ መጠበቁ ከቦታው ይነሣል። ገልብጬ "እነርሱም ያገለግላሉ፣ ቆመው የሚጠብቁት" አልሁት፤ ለግርማውም "ጌትነት" የሚል ቃል አገኘሁለት። ቤት ይመታል። ግን በ"ት" የሚያልቅ ቃል በአማርኛ ስፍር ቁጥር ስለሌለው፣ ሁለቱ ሲገናኙ ጆሮ ቀና አይልም።