ረቂቁ «ጉራ አለበት» ተብሎ ሲመለስ

እንደምን ዋላችሁ። ዛሬ እዚህ የተገናኘነው ለትምህርት ዕድል በምትልኩት የማመልከቻ ጽሑፍ ላይ ለመሥራት ነው። አብዛኞቻችሁ ረቂቁን ለሰው አስነብባችሁ አስተያየት ተቀብላችኋል። እኔ በተደጋጋሚ የምሰማው አስተያየት ከሦስቱ አንዱ ነው፦ «ማንም ሊጽፈው የሚችል ነገር ነው»፣ «ጉራ በዛበት»፣ «ራስህን አሳነስክ»። ይህን የሰማ ሰው የሚያርመው ድምፀቱን ነው። ጉራ ሲባል ቃላቱን ያለዝባል፤ አሳነስክ ሲባል ያገዝፋቸዋል። እኔ ግን ሦስቱም ስሞታ የሚመጣው ከአንድ ጉድለት ነው ባይ ነኝ፤ አንባቢው ማን ምን እንደሠራና ሥራው የት ድረስ እንደሄደ ማየት አልቻለም።

በምሳሌ እንየው። ምሳሌውን ለዚህ መድረክ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ የማንም ሰው ጽሑፍ አይደለም። አመልካቿ በአንድ ጤና ጣቢያ የመድኃኒት መጋዘን ውስጥ የምትሠራ የፋርማሲ ባለሙያ ናት እንበል። ማስተርሷን መማር ትፈልጋለች። የመጀመሪያ ረቂቋ እንዲህ ይላል፦

«ከልጅነቴ ጀምሮ ሕዝብን የማገልገል ጽኑ ፍላጎት ነበረኝ። በሥራ ዓለምም ይህን ፍላጎቴን በተግባር አሳይቻለሁ።»

አንባቢዋ «ይሄ የማንም ነው» አላት። እውነቱን ነው። መፈተሻው ቀላል ነው፤ ዓረፍተ ነገሩን አንሥታችሁ የአንድ መምህር ወይም መሐንዲስ ማመልከቻ ውስጥ ክተቱት። ሳይጎረብጥ ከተቀመጠ የእናንተ አይደለም። እሷም ሥራዋ ጎልቶ እንዲታይ ብላ እንዲህ ቀየረችው፦

«የጤና ጣቢያውን የመድኃኒት አያያዝ ሙሉ በሙሉ ቀይሬዋለሁ። ባለኝ የላቀ የአመራር ብቃትም የብክነትን ችግር አስወግጃለሁ።»

አሁን ደግሞ «ጉራ» ተባለ። ደንግጣ ወደ ኋላ አፈገፈገች፦

«በመጋዘኑ በተደረገው ማሻሻያ ከባልደረቦቼ ጋር በመሆን የበኩሌን ትንሽ አስተዋጽኦ ለማድረግ ሞክሬያለሁ።»

ይህን ያነበበ ደግሞ «ራስሽን ደበቅሽ» ይላታል። ልብ በሉ፤ ይህ ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር «መጋዘን» የሚለው ቃል ቢወጣለት እንደ መጀመሪያው የማንም ነው። ስለዚህ ወደ ተነሣችበት ተመልሳለች። በሦስቱም ረቂቆች ውስጥ አንድም መድኃኒት፣ አንድም መደርደሪያ የለም። የተለዋወጠው ለራሷ የሰጠችው ማዕረግ ብቻ ነው።

እንዲህ ያለ አስተያየት ሲደርሳችሁ ወዲያው አትጻፉ። ወደ አንባቢው ተመለሱና «የቱ ዓረፍተ ነገር ነው? አስምርበት» በሉት። «በአጠቃላይ ጉራ ይመስላል» ያለው ሰው ብዕር ሲይዝ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሰምረው ከሁለት ከሦስት ቦታ አይበልጥም። እዚህ ላይ «ሙሉ በሙሉ»፣ «የላቀ» እና «አስወግጃለሁ» ላይ ያሰምራል። ከዚያ ረቂቁን ዝጉትና በሌላ ወረቀት ላይ፣ ለጓደኛ እንደምታወሩት፣ ነገሩን ጻፉት፦ ከእኔ በፊት ምን ነበር፣ እኔ በእጄ ምን አደረግሁ፣ ሌላው ሰው ምን አደረገ፣ በመጨረሻ ምን ተለወጠ፣ መለወጡንስ በምን አወቅሁ። አሳምሩ አላልኩም፤ ይህ ወረቀት ለማንም አይላክም። የእኛ አመልካች ከዚህ ወረቀት ተነሥታ የጻፈችው ይህን ነው፦

«ቆጠራ ስናደርግ ጊዜያቸው ያለፈ 31 ዓይነት መድኃኒቶች አገኘን፤ አብዛኞቹ ከአዳዲስ ካርቶኖች ጀርባ የተረሱ ነበሩ። ቀድሞ ጊዜው የሚያልፈው ከፊት እንዲሆን አድርጌ መደርደሪያዎቹን እንደገና ደረደርኩ። በየወሩ መጨረሻም ከ6 ወር በታች የቀራቸውን ዘርዝሬ ለኃላፊዬ እሰጥ ጀመር። እሳቸው ሌሎች ጤና ጣቢያዎችን እያነጋገሩ ትርፉን ያስተላልፉ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ቆጠራ ቁጥሩ 12 ሆነ። ከእነዚህ አብዛኞቹ ሲመጡም ጥቂት ጊዜ ብቻ የቀራቸው ነበሩ፤ ይህን ደግሞ መደርደሪያ በማስተካከል ልፈታው አልችልም። የፍላጎት ትንበያና የግዢ ዕቅድ መማር የምፈልገው ለዚህ ነው።»

ጉራው የት ሄደ? ድምጿን አልቀነሰችም፤ እንዲያውም ከበፊቱ የበለጠ ብዙ ሠራሁ እያለች ነው። ጉራውን ያጠፋው የሥራዋን ድንበር ማሳየቷ ነው። ስልክ እየደወሉ ያስተላለፉት ኃላፊዋ ናቸው፤ ተናገረችው። 12 ዓይነት መድኃኒት አሁንም ይበላሻል፤ አልደበቀችውም። «አስወግጃለሁ» የሚለውን አንባቢ ያላመነው ብክነት ጨርሶ እንደማይጠፋ ስለሚያውቅ ነው። ከ31 ወደ 12 ሲባል ግን የሚከራከርበት የለም።

ትሕትናውንም እዩት። ቆጠራው የጋራ ስለነበር «አገኘን» አለች፤ መደርደሩ የእሷ ስለነበር «ደረደርኩ» አለች። ብዙዎቻችን ጨዋነት መስሎን ሁሉንም «እኛ» ውስጥ እንከተዋለን፤ ወይም «ተደረገ»፣ «ተሻሻለ» እያልን አድራጊውን እናጠፋለን። መራጩ ኮሚቴ ግን ዕድሉን የሚሰጠው ለቡድኑ አይደለም፤ ከቡድኑ ውስጥ እናንተ የቱ እንደሆናችሁ ማወቅ አለበት። «ሞክሬያለሁ» የሚለውንም ሞክራችሁ ላልተሳካው ነገር አስቀምጡት። «ታታሪ»፣ «የላቀ»፣ «ቆራጥ» የሚሉትን ደግሞ የድጋፍ ደብዳቤ ለሚጽፉላችሁ ሰዎች ተዉላቸው፤ ከእነሱ አፍ ሲወጣ ምስክርነት ነው።

«ቁጥር የለኝም» የምትሉ ትኖራላችሁ። ቁጥር አትፍጠሩ፤ ቃለ መጠይቅ ካለ «እንዴት ቆጠርሽው?» ተብሎ ይጠየቃል። ያያችሁትን ጻፉ። «ቀድሞ መድኃኒት ፍለጋ ካርቶን እናገላብጥ ነበር፤ አሁን ከፊት ያለውን ማንሣት ብቻ ነው» የሚለው ቁጥር የለውም፤ ግን ይታያል። የሚታይም የሚቆጠርም ነገር ከሌለ አባባሉን ሰርዙት።

አዲሱ አንቀጽ መርዘሙን አይታችኋል። ቦታ ደግሞ ውስን ነው፤ ለምሳሌ ኮመን አፕ በሚባለው የአሜሪካ ኮሌጆች ማመልከቻ ዋናው ድርሰት ከ650 ቃላት አይበልጥም። ስለዚህ አንድ ነገር መውጣት አለበት። እኔ መጀመሪያ የማወጣው «ከልጅነቴ ጀምሮ» የሚለውን መግቢያ ነው፤ ቀጥሎ በአንድ በአንድ ዓረፍተ ነገር የተጠቀሱትን ሌሎች ስኬቶች። እነሱን ሲቪያችሁ ይናገራቸዋል። ሁሉም ዓረፍተ ነገር ልዩ መሆን ግን የለበትም፤ «ለዚህ የትምህርት ክፍል አመለክታለሁ» የሚለው ተራ ነው፣ ተራ ሆኖ ይቅር።

አንዱ አንባቢ «ጉራ»፣ ሌላው «ትሕትና በዛ» ካላችሁስ? ሁለቱ ምን ያህል እንደሚያውቋችሁ ተመልከቱ። አብሯችሁ የሠራ ሰው የጎደለውን ያውቃል፤ «ያንን ያደረግሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ፣ ለምን አልጻፍሽውም?» ይላል። የማያውቃችሁ ሰው ደግሞ እንደ ኮሚቴው የሚያምነው ወረቀቱ ላይ ያለውን ብቻ ነው። ስለዚህ የጎደለውን ከመጀመሪያው ስሙ፤ የማይታመነውን ከሁለተኛው። የታረመውን አንቀጽ መጨረሻ ላይ የምታሳዩት ለዚያ ለሥራ ባልደረባችሁ ይሁን። «እሱንስ አብረን ነው የሠራነው» ካለ ያንን ዓረፍተ ነገር አስተካክሉት።

አሁን ረቂቆቻችሁን አውጡና ከጎናችሁ ካለው ሰው ጋር ተለዋወጡ። ለጊዜው አስተያየት አትስጡ፤ ያላመናችሁት ቦታና የማንም ሊሆን የሚችለው ቦታ ላይ ብቻ አስምሩ። ከ10 ደቂቃ በኋላ እየዞርኩ አያለሁ።