ደመወዙን እናውቃለን፣ የምንተወውንስ?

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣

የተሰበሰብንበትን ጉዳይ ታውቁታላችሁ። ባልደረቦቻችን የመንግሥት ሥራቸውን ትተው ወደ ግል ድርጅት እየሄዱ ነው። የሚሄዱትን ልወቅስ አልመጣሁም፤ የተሻለ ደመወዝ ሲመጣ ማን ይጠላል? የሚያበሳጨኝ፣ ሰው የሚያገኘውን እስከ ሳንቲም አስልቶ የሚተወውን ሳያውቅ መፈረሙ ነው።

እስቲ አንድ ሠራተኛ እናስብ። 12 ዓመት አገልግሏል፣ ጡረታ ለመውጣት 20 ዓመት ይቀረዋል። ለሒሳቡ እንዲቀለን የመንግሥት ደመወዙን 100 እንበለው። የግል ድርጅቱ 140 እከፍልሃለሁ አለው። ጭማሪው 40 ነው። ግን ግብር በደረጃ ስለሚያድግ ጭማሪው የሚቆረጥበት በከፍተኛው እርከን ነው፤ እርከኑ 30 በመቶ ከሆነ 28 ይተርፋል። የግል ድርጅቱ የጡረታ ዕቅድ የለውም እንበል፤ የጡረታ መዋጮ 7 መቆረጡ ስለሚቀር 35 ይሆናል። አሁን መሥሪያ ቤቱ የሚሸፍንለትን የቤተሰብ ሕክምና በራሱ ሲከፍል፣ እሱም 7 ይወስዳል እንበል፣ እንደገና 28 ነው። በግል ሥራ ላይ በ10 ዓመት አንዴ ሥራ አጥቶ ለ6 ወር ቢቀመጥ፣ ያ ኪሳራ ለየወሩ ሲከፋፈል ወደ 6 ይጠጋል። የቀረው 22 ነው።

አሁን ወደ ጡረታው እንምጣ፤ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጡረታው በመጨረሻው ደመወዝ የሚሰላ ከሆነና ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት 1.5 በመቶ ከታሰበ፣ የዚህ ሰው 12 ዓመት ዛሬ የሚያወጣው በወር 18 ነው። ቢቆይና ደመወዙ በ20 ዓመት ውስጥ 200 ቢደርስ፣ እነዚያው 12 ዓመታት 36 ያወጣሉ። አዲስ ምንም አልጨመረባቸውም፤ የሚባዙበት ደመወዝ ስላደገ ብቻ ነው። የቀሩት 20 ዓመታት ደግሞ 60 ይጨምራሉ፣ ድምሩ 96። ዛሬ ከለቀቀ ግን 18 ላይ ይቆማል፤ ከዋጋ ንረት ጋር የሚያስተካክል ደንብ ከሌለ፣ በ20 ዓመት ውስጥ የሚገዛው ነገር በጣም ያንሳል።

ልዩነቱ በወር 78 ነው። 22ቱን ሳያጎድል ለ20 ዓመት ቢቆጥብ 5,280 ይሆናል። ይህ ገንዘብ 78ቱን የሚሸፍነው ከ6 ዓመት ላነሰ ጊዜ ነው። ወለዱና የደመወዙ ዕድገት በእጥፍ ቢያሳድጉት እንኳ 12 ዓመት አይሞላም። ጡረታው ግን እስከ ዕለተ ሞት ይከፈላል።

ደንቡ እንደየአገሩ ይለያያል። በአሜሪካ የፌዴራል ሠራተኞች ጡረታ፣ 5 ዓመት አገልግሎ የለቀቀ ሰው አበሉ የሚሰላው ከመልቀቁ በፊት በነበሩት ከፍተኛ 3 ተከታታይ ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው፤ አበሉ እስኪጀመር ድረስ ያ አኃዝ ከዋጋ ንረት ጋር አይስተካከልም። በብሪታንያ ሲቪል ሰርቪስ ግን የለቀቀ ሰው አበል በመጠባበቂያው ጊዜም ከዋጋ ጋር ይስተካከላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የአንድን ቤተሰብ ሽምግልና ይለውጣል!

የእኛ የሰው ሀብት ክፍል ይህን ያውቃል። ፋይላችን እጁ ላይ ነው፣ ሒሳቡም ከግማሽ ሰዓት አያልፍም። ታዲያ ሠራተኛው የጡረታውን ልክ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማው መልቀቂያውን ካስገባ በኋላ ለምንድን ነው? ለጡረታ መብት የሚያበቃው አገልግሎት ሊሞላ ጥቂት ወራት የቀሩትን ሰው፣ የራሱን መዋጮ ብቻ አስይዞ ሲያሰናብት «ትንሽ ብትቆይ ይሻልሃል» የሚለው ሰው እንዴት ይጠፋል? ይህ ቸልተኝነት ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

2 ዓመት ብቻ ላገለገለ ወጣት ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። የሚቆምበት አበል ገና የለውም፤ 40 በመቶ ጭማሪ ለእሱ እውነተኛ ጭማሪ ሊሆን ይችላል። መንግሥት ደመወዝ ለዓመታት ሳይጨምር ከቆየም የእኔ 200 ባዶ ተስፋ ነው፤ ወንበሩ አይነቃነቅም፣ ደመወዙ የሚገዛው ግን ያንሳል። ይህንን ክጄ መናገር አልፈልግም።

የግል ድርጅቱን ውል በተመለከተ ባጭሩ፦ የተነገራችሁ ደመወዝ የተጣራ ነው ወይስ ያልተጣራ? ቦነሱ በውሉ ላይ በቁጥር ተጽፏል ወይስ «እንደ ሥራ አፈጻጸሙ» ነው? የሙከራው ጊዜ፣ የማስጠንቀቂያው ጊዜ፣ የስንብት ክፍያውስ? በቃል የተሰጠ መልስ እንዳልተሰጠ ቁጠሩት።

ከአስተዳደሩ የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። እያንዳንዱ ሠራተኛ በየዓመቱ፣ ዛሬ ቢለቅ የሚያገኘውንና እስከ ጡረታ ቢቆይ የሚያገኘውን አበል ጎን ለጎን የሚያሳይ ወረቀት በፊርማ ይሰጠው። ይህን የሚጠይቀው ማመልከቻ በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ሳትፈርሙ እንዳትወጡ። አመሰግናለሁ።