ዋቢ-ሳቢ ማለት «ጉድለት» አይደለም

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ስለ ሁለት የጃፓን ቃላት ላውራ፤ ዋቢ-ሳቢ እና ኢኪጋይ። የመጀመሪያው በፊደላችን ሲጻፍ ያስቃል። ለእኛ «ዋቢ» ማጣቀሻ ወይም ዋስ ነው፤ «ሳቢ» ደግሞ ዓይን የሚማርክ። የጃፓኑ ግን ዓይን ከመማረክ የሚሸሽ ነገር ነው። እንዲህ ያለው የድምፅ መመሳሰል ማንንም አያሳስትም። የሚያሳስተው ቃሉን «የጉድለት ውበት» ብሎ ተርጉሞ ማለፍ ነው።

እስቲ ለሁለት እንክፈለው። ዋቢ የመጣው «ዋቡ» ከሚል ጥንታዊ ግስ ነው፤ መከፋት፣ ተስፋ ማጣት፣ መጎሳቆል እንደ ማለት። ዛሬም «ዋቢሺይ» የተባለ ኑሮ የሚታዘንለት እንጂ የሚቀናበት አይደለም። ሳቢ በበኩሉ ዕድሜና ጭርታ አለበት፤ «ሳቢሺይ» ማለት ብቸኝነት የሚሰማው፣ ጭር ያለ ነው። ዝገትም በሌላ ፊደል ይጻፍ እንጂ ሲጠራ «ሳቢ» ነው። ከሁለቱ በአንዱም ውስጥ «ጉድለት» የሚል ፍቺ አላገኘንም።

ታዲያ መከፋትን የሚናገር ቃል እንዴት የምስጋና ቃል ሆነ? መልሱ ያለው በ16ኛው ክፍለ ዘመን የሻይ ሥርዓት ውስጥ ነው። ባለሥልጣናቱ ከቻይና የመጡ ውድ ዕቃዎችን ደርድረው እንግዳ ይቀበሉ ነበር። የሻይ ሥርዓት መምህሩ ሴን ኖ ሪክዩ (1522–1591) ግን ወደ ሌላ አቅጣጫ ሄደ። የእሱ ሥራ ነው የሚባለው በኪዮቶ አካባቢ የሚገኘው ታይአን የሻይ ክፍል ሁለት ታታሚ ምንጣፍ ብቻ ይይዛል፤ ግድግዳው ጭቃ ነው፣ እንግዳው የሚገባው ጎንበስ ብሎ በትንሽ በር ነው። ቾጂሮ የተባለው ሸክላ ሠሪ የሠራለት ጽዋዎችም ጌጥ የሌላቸው፣ ጥቁር ወይም ቀይ፣ ያለ መሽከርከሪያ በእጅ የተበጁ ናቸው። ልብ በሉ፣ የሪክዩ ጌታ ቶዮቶሚ ሂዴዮሺ በወርቅ የተለበጠ የሻይ ክፍል ነበረው። ወርቁ ደጃፍ ላይ እያለ ነው ጭቃው የተመረጠው።

አሁን ትርጉማችንን እንፈትን። «ጉድለት» የሚለውን ወስደን ቾጂሮ ጽዋ ላይ እንለጥፈው። የቱ ነው ጉድለቱ? ጽዋው ተጠንቅቆ፣ ታስቦበት የተሠራ ነው። ስለዚህ ትርጉሙ ወደቀ። የወደቀበት ምክንያት ደግሞ ቃሉ ስለ ዕቃው እንከን ሳይሆን ስለ ሰውየው ምርጫ ስለሚናገር ነው። ይህ ሲዘነጋ ነው ሆን ተብሎ የተሸረፈ ስኒ «ዋቢ-ሳቢ» ተብሎ ገበያ የሚወጣው። እኔ ብተረጉም ቃሉን እንዳለ ትቼ፣ መጀመሪያ በመጣበት ቦታ «ጥቂቱን መርጦ በጥቂቱ መርካት፣ ዕድሜ ያመጣውንም ጭርታ መውደድ» ብዬ አስከትል ነበር። ይረዝማል፤ ይርዘም።

የኢኪጋይ ችግር ሌላ ነው። «የሕይወት ዓላማ» ይሉታል። «ኢኪ» መኖር ነው፤ «ጋይ» ብቻውን ሲቆም «ካይ» የሚባለው ነው። ፍቺውን ለማግኘት ጎረቤቶቹን ማየት ይበጃል። «ሃታራኪጋይ» ያለው ሥራ ድካሙን የሚክስ ሥራ ነው። «ኦሺኤጋይ» ያለው ተማሪ ለአስተማሪው ድካም ካሳ የሚሆን ተማሪ ነው። እንግዲህ አማርኛ ቃሉ አለው፤ ካሰ፣ ይክሳል። ኢኪጋይም መኖርን የሚክስ ነገር ነው። ዓላማ ወደፊት የሚደረስበት ነው፤ የሚክስ ነገር ግን ዛሬ ጠዋት አጠገባችሁ ሊሆን ይችላል።

አራት ክበቦች ያሉበትን ሥዕል ሳታዩት አትቀሩም፤ የምትወደው፣ የምትችለው፣ ዓለም የሚፈልገው፣ የሚከፈልህ። ሥዕሉ ከጃፓን አልመጣም። ስፔናዊው አንድሬስ ሱሱናጋ ለ«ዓላማ» የሠራው ነው፤ በ2014 እንግሊዛዊው ማርክ ዊን መሐሉ ላይ ያለውን ቃል አውጥቶ «ኢኪጋይ» አስገባበት። ሁሉ ነገር የተበላሸው በዚህች አንዲት ቃል ልውውጥ ነው፤ ደመወዝ የኢኪጋይ መስፈርት ሆኖ ቁጭ አለ።

ይህንን በሚዬኮ ካሚያ ሥራ ላይ እንፈትነው። እሷ በናጋሺማ ደሴት የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ያከመች የአእምሮ ሐኪም ናት፤ ስለ ኢኪጋይ የጻፈችው መጽሐፍ በ1966 ወጣ። ሕሙማኑ ከቤተሰብ ተለይተው የተገለሉ፣ ሥራ የመምረጥ ዕድል የሌላቸው ነበሩ። በአራቱ ክበቦች ከሄድን አንዳቸውም ኢኪጋይ ሊኖራቸው አይችልም። ካሚያ ግን ከእነሱ ዘንድ ነው የፈለገችው። ሕይወትን የሚክሰውን ነገርና እሱ የሚያሳድረውን ስሜት ለይታም አስቀመጠች፤ ሁለተኛውን «ኢኪጋይ-ካን» አለችው።

አንዲት የጃፓን አያት «ማጎ ጋ ኢኪጋይ ዴስ» ብትል እንዴት እንተርጉመው? «የሕይወቴ ዓላማ የልጅ ልጄ ነው» ካልን አያቲቱ እቅድ የምታቀርብ ትመስላለች። «የልጅ ልጄ ነው የምኖርለት» ብንል ግን የእኛም አያት የምትለው ነው። «ኢኪጋይ» የሚለው ስም ጠፍቷል፤ በ«የምኖርለት» ውስጥ ያለችው «ለ» ተክታዋለች።