ነጩ ሲኒ ለምን ቡናማ ሆነ?

ጤና ይስጥልኝ። የዛሬው ወሬ ስለ አንድ ነጭ ሲኒ ነው። ሲኒው ፈካ ባለ ግራጫ ጨርቅ ላይ ተቀምጦ ፎቶ ተነስቷል፤ እኛ ደግሞ ከዚያ ቆርጠን ቡናማ የእንጨት ጠረጴዛ ላይ ልናስቀምጠው ፈልገናል። ኦፕን ሲቪ በሚባለው የምስል ማቀነባበሪያ ላይብረሪ ውስጥ ለዚህ የሚሆን አንድ መስመር አለ፦

```python
out = cv2.seamlessClone(src, dst, mask, (640, 410), cv2.NORMAL_CLONE)
```

መስመሩ ይሠራል፤ የመቁረጫው ጠርዝ ድራሹ ይጠፋል። ሲኒው ግን ቡናማ ሆኖ ቁጭ! ይሄን ያየ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ኮዱን ነው። ቀለሞቹ ተገለባብጠው ይሆን? የሚቆረጠውን ቦታ የሚያሳየው ማስክ ተበላሽቶ ይሆን? የለም፣ ፈንክሽኑ የታዘዘውን ነው ያደረገው።

የታዘዘው ምንድን ነው? ዘዴው ፖይሰን ብሌንዲንግ ይባላል። ፔሬዝ፣ ጋንኜ እና ብሌክ እ.ኤ.አ. በ2003 ሲግራፍ በተባለው የኮምፒውተር ግራፊክስ ጉባኤ ላይ ያቀረቡት ነው። ሐሳቡ ከምንጩ ምስል ቀለሙን ሳይሆን ግሬዲየንቱን መውሰድ ነው፤ ማለትም አንዱ ፒክስል ከጎረቤቱ በስንት እንደሚበልጥ ወይም እንደሚያንስ ብቻ ይወሰዳል። ትክክለኛውን ቀለም የሚወስነው ዳር ላይ ያለው የመድረሻው ምስል ነው። ከዚያ በሰማያዊው፣ በአረንጓዴው እና በቀዩ ላይ ለየብቻ አንድ እኩልታ ይፈታል።

እኔ ይህን ለማስረዳት የሚቀልለኝ በሌላ መንገድ ነው። ድንበሩ ላይ ዞራችሁ በየነጥቡ የመድረሻውን ቀለም ከምንጩ ቀለም ጋር አነጻጽሩና ልዩነቱን ያዙ። ያንን ልዩነት እንደ ከበሮ ቆዳ ከዳር እስከ ዳር ወጥሩት። የተወጠረውን ቆዳ ምንጩ ላይ ደምሩት። ውጤቱ ያው ነው።

አሁን ወደ ሲኒው እንመለስ፤ ቁጥሮቹን በኦፕን ሲቪ ቅደም ተከተል፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቀይ እያልኩ ነው የምናገረው። ግራጫው ጨርቅ 200፣ 200፣ 200 ነው እንበል። ጠረጴዛው 60፣ 90፣ 140። ልዩነቱ እንግዲህ ከሰማያዊው 140፣ ከአረንጓዴው 110፣ ከቀዩ 60 መቀነስ ነው። በድንበሩ ዙሪያ ሁሉ ልዩነቱ አንድ ዓይነት ስለሆነ ቆዳው ዝርግ ይሆናል፤ መሀል ላይ ያለው ሲኒም ያንኑ ያህል ይቀነስበታል። ሲኒው 235፣ 235፣ 235 ነበር። አሁን 95፣ 125፣ 175 ሆነ። ይሄ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ነው። ዘዴው ሲኒ የሚባል ነገር አያውቅም፤ የሚያውቀው «ሲኒው ከዙሪያው በ35 ይበልጣል» የሚለውን ብቻ ነው፣ እሱንም ጠብቋል።

ውስጡ ቡና ካለ ደግሞ ይብሳል። ቡናው 30፣ 35፣ 50 ከነበረ ሲቀነስ ሦስቱም ከዜሮ በታች ይወርዳሉ፤ ከዜሮ በታች ያለው ሁሉ ዜሮ ላይ ስለሚቆረጥ ቡናው ወለል የሌለው ጥቁር ጉድጓድ ይመስላል። ያ ዝርዝር ደግሞ ከወጣው ምስል ተመልሶ አይገኝም።

እስካሁን ያየነው ወጥ የሆነ የቀለም ለውጥ ነው። የቀለም መፍሰስ የሚባለው በትክክል የሚታየው ድንበሩ በአንድ ወገን ሌላ ነገር ሲነካ ነው። ጠረጴዛው ላይ በስተቀኝ ቀይ መጽሐፍ አለ፣ 40፣ 40፣ 190 የሆነ፤ ማስኩም ትንሽ ገብቶበታል። በዚያ ወገን ልዩነቱ 160፣ 160፣ 10 መቀነስ ይሆናል። ቆዳው አሁን ያዘነብላል፤ የሲኒው ቀኝ ጎን ወደ 75፣ 75፣ 225 እየተሳበ ይቀላል። የሚገባው ርቀት የሚወሰነው ድንበሩን በነካው ነገር ስፋት ነው። ድንበሩ ላይ ያለች አምስት ፒክስል የምታህል ነጠብጣብ ጥቂት ፒክስል ገብታ ትጠፋለች፤ መቶ ፒክስል ላይ የተዘረጋ መጽሐፍ ግን ሲኒው መሀል ድረስ ይደርሳል። ስለዚህ ትናንሾቹን ቆሻሻዎች ለማጽዳት አትልፉ፤ ጉዳቱ ከሰፊዎቹ ነው።

ይህን ሁሉ እኩልታው ሳይፈታ በፊት ማወቅ ይቻላል። ማስኩ `m`፣ ምንጩ `src_roi` እና መድረሻው `dst_roi` አንድ ልክ ሆነው፣ በመድረሻው ቦታቸው ተገጣጥመው የተቆረጡ ይሁኑ፦

```python
k = np.ones((7, 7), np.uint8)
ring = m - cv2.erode(m, k)
d = dst_roi.astype(int) - src_roi.astype(int)
print(d[ring > 0].mean(axis=0))
print(d[ring > 0].std(axis=0))
```

ሰባት በሰባት ያልኩት ኦፕን ሲቪ ማስኩን ራሱ ሦስት ፒክስል ያህል ወደ ውስጥ ስለሚበላው ነው። መጀመሪያ የሚታተመው መስመር ዕቃው በስንት እንደሚቀየር ይነግራችኋል። ሁለተኛው ከፍ ካለ ቆዳው አዘንብሏል፣ ቀለም ይፈሳል።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ማስኩን ወደ ሲኒው ጠጋ አድርጎ በጥንቃቄ ይቆርጣል። ያባብሰዋል! ድንበሩ ሲኒውን ራሱን ከነካ፣ የሲኒው ጠርዝ ከጠረጴዛው ጋር እኩል እንዲሆን ይገደዳል፤ ሲኒው እንጨቱ ውስጥ ይሟሟል። ለፖይሰን ማስኩ ሰፋ ብሎ ከዕቃው 15 ፒክስል ያህል ርቆ፣ ጨርቁ ላይ መሄድ አለበት፤ መጽሐፉንም ዞሮ ማለፍ አለበት።

አንድ ጠባይ ደግሞ የኦፕን ሲቪ ብቻ ነው። እነ ፔሬዝ ጽሑፍ ላይ ያለው ዘዴ የሚይዘው የማስኩን ድንበር ነው። ኦፕን ሲቪ ግን ለፍጥነት ሲል አራት ማዕዘን ላይ ይፈታል፤ ማስኩን የከበበውን አራት ማዕዘን ይወስዳል። ቋሚ የሚሆነው የአራት ማዕዘኑ ጠርዝ ነው። ስለዚህ ከማስኩ ውጭ ያለው ጠረጴዛም ሊበከል ይችላል። `cv2.absdiff(out, dst)` ብላችሁ ከማስኩ ውጭ ያለውን ተመልከቱ። በነገራችን ላይ የምትሰጡት ነጥብም የዚህ አራት ማዕዘን መሀል የሚያርፍበት ነው፤ ከመድረሻው ከወጣ ፕሮግራሙ ስለ `roi` እየጮኸ ይቆማል።

ታዲያ ለምን እንጠቀምበታለን? ጥላው። የሲኒው ጥላ ጨርቁ ላይ የወደቀ ነው፤ ግሬዲየንት ስለሆነ ግን እንጨቱ ላይ የወደቀ መስሎ ይሄዳል። ይህን በተራ ቆርጦ መለጠፍ አታገኙትም። ጉድለቱ፣ በ`NORMAL_CLONE` የእንጨቱ ጭረት በሲኒው ዙሪያ ይጠፋና ለስላሳ ቀለበት ይታያል። `MIXED_CLONE` በየፒክስሉ ከሁለቱ ጠንካራውን ግሬዲየንት ስለሚመርጥ ጭረቱን ያተርፋል፤ ነገር ግን ጭረቱ በሲኒው ሆድ ላይም ይወጣል።

እኔ የምመርጠው ሁለቱን መከፋፈል ነው። ዙሪያውንና ጥላውን በሰፊ ማስክ በ`MIXED_CLONE` ታስገባላችሁ። ከዚያ ሲኒውን ብቻ በጠባብ ማስክ፣ አንድ ፒክስል አስገብታችሁ ጠርዙን በሁለት ፒክስል አደብዝዛችሁ፣ ከላይ ታስቀምጣላችሁ። የምታስቀምጡት ሲኒ 80 ከመቶው ከምንጩ፣ 20 ከመቶው ከ`NORMAL_CLONE` ውጤት የተቀላቀለ ይሁን። የኛ ሲኒ 207፣ 213፣ 223 ይሆናል፤ ከእንጨቱ ትንሽ ሙቀት የወሰደ ነጭ።

የግድግዳ ወይም የቆዳ ነጠብጣብ ለመሸፈን ከሆነ ግን ይሄ ሁሉ ጣጣ አያስፈልግም። ቁራጩን ከዚያው ግድግዳ፣ አጠገቡ ካለ ቦታ ውሰዱ፤ ልዩነቱ በአንድ ወገን 8፣ በሌላው 15 ቢሆን የተወጠረው ቆዳ ራሱ ብርሃኑን ያስተካክላል፤ `NORMAL_CLONE` ብቻውን ይበቃል።