ለምትለቅ የሀውስኪፒንግ ሱፐርቫይዘር ምን ዓይነት የምስክርነት ደብዳቤ ይጻፍ?

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ «ጣና ዳር ያለ ባለ 40 ክፍል ሆቴል ሥራ አስኪያጅ ነኝ። የሀውስኪፒንግ ሱፐርቫይዘራችን ከስድስት ዓመት በኋላ ልትለቅ ነው። ‹ታታሪ፣ ታማኝና ሥራ ወዳድ ነበረች› ብዬ ጻፍኩና ሳነበው ለማንም የሚሆን ሆነብኝ። ምን ልበል?»

መልስ፦ መጀመሪያ ሁለቱን ወረቀቶች ይለዩ። የሥራ ልምድ ማስረጃ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግዴታዎ ነው፤ የሥራዋን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኗንና ደመወዟን ጠቅሶ በነፃ ይሰጣታል። የምስክርነት ደብዳቤው ግን የእርስዎ የራስዎ ቃል ነው። ደመወዟን እዚህ አያስገቡ፤ አዲሱ ቀጣሪ በዚያ ላይ ተመሥርቶ ዝቅ ያለ ዋጋ ሊያቀርብላት ይችላል።

ኃላፊነቷን በስፋቱ ይግለጹት፦ «የ40 ክፍሎችን ጽዳት፣ ላውንደሪውንና የአንሶላ መጋዘኑን ትመራ ነበር፤ በሥሯ 9 ሠራተኞች ነበሩ።» ቁጥሩን ከእናንተ ፋይል ያስተካክሉት። ሌላ ሆቴል ይህን ሲያነብ ከራሱ ቤት ጋር ወዲያው ያነጻጽረዋል።

«ታማኝ» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አያስረዳም። ከመጻፍዎ በፊት የማስተር ቁልፍ መረከቢያውን፣ የተረሱ የእንግዳ ዕቃዎች መዝገቡንና ወርሃዊ የአንሶላና ፎጣ ቆጠራውን አውጥተው ይመልከቱ። ከዚያ እንዲህ ማለት ይችላሉ፦ «በየወሩ መጨረሻ አንሶላና ፎጣ ትቆጥር ነበር፤ የጎደለውንም ያረጀ፣ ላውንደሪ የቀረ፣ የጠፋ ብላ ለይታ ታስረክብ ነበር።» «በእሷ ጊዜ አንድም ፎጣ አልጠፋም» ግን አይበሉ። ፎጣ የማይጎድልበት ሆቴል ስለሌለ ሥራውን የሚያውቅ አንባቢ ቀሪውንም ቃልዎን ይጠራጠራል።

መሪነቷ ከሁሉ የሚጎላው ሥራ በሚበዛበት ቀን ነው። የጥምቀትን ሰሞን ያስቡ፦ ግማሹ እንግዳ ጠዋት ይለቃል፣ ሌላው ከሰዓት በፊት ይደርሳል፣ አንዳንዱ ደግሞ በጀልባ ወደ ዘጌ ሄዶ እስኪመለስ ክፍሉ ተሠርቶ መቆየት አለበት። እሷ ምን ታደርግ ነበር? «ማለዳ ከእንግዳ መቀበያው ጋር ተነጋግራ ቀድመው የሚፈለጉትን ክፍሎች ትለይ፣ አዲስ ሠራተኛን ከነባር ጋር ታጣምር፣ እያንዳንዱን ክፍል ራሷ ካላየች አታስረክብም ነበር» ብለው ይጻፉ፤ ግን በእርግጥ ያዩትን ብቻ። ያሠለጠነቻቸው ሰዎች አድገው ከሆነ ስንት እንደሆኑ ይጨምሩ። ይህ ከማንኛውም ሙገሳ ይበልጣል።

የለቀቀችበትን ምክንያት እሷ ካልፈቀደች አይንኩት። ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይለፍ፤ ቀን፣ የደብዳቤ ቁጥር፣ ፊርማ፣ ማህተምና የሚደወልበት ስልክ ይኑረው። ብዙ ቀጣሪ ስለሚደውል ቅጂውን ፋይል ላይ ያስቀሩ።

ተጨማሪ ጥያቄ፦ «ራሷ ጽፋ ብታመጣልኝ ልፈርምበት?»

መልስ፦ ረቂቁን ትጻፍ፤ ሥራዋን በዝርዝር የምታውቀው እሷ ናት። እርስዎ ግን እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ከመዝገቡ ጋር ያመሳክሩ፤ ቢደወልልዎት በስልክ ሊደግሙት የማይችሉትን ይሰርዙ።